ከመተማ የተላከ የቻርጀር ፎቶ፦ ከመግዛታችን በፊት ምን እንይ?

በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ስልክ ቻርጀር እንጽፋለን።

ከመተማ ዮሐንስ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከሸንፋና ከቋራ ወደ ግቢ የመጣን ተማሪዎች የድንበሩን ገበያ እናውቀዋለን። ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት ነው፤ በሁለቱ መካከል ዕቃ ሲመላለስ ኖሯል። የስልክ ቻርጀርም በዚያ በኩል ይገባል። ሌላው ደግሞ ከሳዑዲና ከኤምሬትስ በሚመለሱ ዘመዶቻችን ሻንጣ ይመጣል። ስለዚህ ቤተሰብ በቴሌግራም ፎቶ ይልክና «ይህ ጥሩ ነው? ልግዛልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ፎቶው ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ የማያሳየውን እንናገር። ቻርጀር በአንድ በኩል የግድግዳውን 220 ቮልት ይቀበላል፤ በሌላ በኩል ለስልኩ 5 ቮልት ይሰጣል። ስልኩን የያዘው እጃችን፣ ጆሮ ላይ የሰካነው ማዳመጫ፣ የኬብሉ ጫፍ ብረት፣ ሁሉም በ5 ቮልቱ በኩል ናቸው። 220ው ወደዚያ እንዳይሻገር የሚከለክለው በውስጡ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመርና በወረዳው ሰሌዳ ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተተወ ባዶ ቦታ ነው። በደንብ በተሠራ ቻርጀር ይህ ክፍተት በርካታ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የትራንስፎርመሩ ሽቦም በተደራራቢ መከላከያ ይጠቀለላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኬን ሽሪፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ ታዋቂ ኩባንያ እውነተኛ የታብሌት ቻርጀርና የተመሳሰለውን ከፍቶ ሲያወዳድር፣ በአስመሳዩ ውስጥ ይህ ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ አግኝቶታል። በውጭ ግን ሁለቱን ለመለየት ይቸግር ነበር።

ክፍተቱ ጠባብ የሆነ ቻርጀር ለወራት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። እርጥበት ወይም አቧራ ሲገባው፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ድንገት ሲዘል ግን ኮረንቲው ይሻገራል። የቆላው ሙቀትም አይረዳም። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ብዙ የስልክ አምራቾች ደግሞ ስልካቸው እንዲሠራ የሚመክሩት እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እዚያ ቻርጀሩ ገና ሳይሰካ ሞቆ ይጀምራል።

እንግዲህ ከፎቶ የምንፈልገው ይህ ነው፤ ስለ ውስጡ ጥንቃቄ የሚመሰክሩ የውጭ ምልክቶችን። በእኛ አስተያየት ፎቶ ቻርጀርን ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም። ጽሑፉን አስተካክሎ ያልጻፈ፣ እግሩን በልኩ ያልሠራ ሰው ማንም በማያየው ቦታ ተጠንቅቋል ብለን የምናምንበት ምክንያት የለም። ውጩ ሁሉ ያማረ ከሆነ ግን «አልጣልነውም» ማለት ብቻ እንችላለን።

ፎቶውን ማስነሣት

ነጋዴ የሚልከው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተወሰደ የማስታወቂያ ምስል ነው። በእሱ ላይ ምንም ምርመራ አይደረግም። ስለዚህ ገዢው ዘመዳችን ዕቃውን በእጁ ይዞ ራሱ እንዲያነሣ እንጠይቀው። ጽሑፉ ያለበት ገጽ አንድ ፎቶ፣ እግሮቹ ፊት ለፊት አንድ፣ እግሮቹ በጎን አንድ ይበቃሉ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በነጭ ፕላስቲክ ላይ በግራጫ ቀለም ስለሚታተም ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍበት ይጠፋል፤ ቻርጀሩን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ማንሣት ያወጣዋል። በቴሌግራም ሲልክ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ምስሉ ተጨምቆ ይደርሳል፤ ያኔ ፊደሉ የደበዘዘው በኅትመት ጉድለት ይሁን በመጨመቁ መለየት አንችልም።

ጽሑፉ

ባለፈው ከመተማ ከደረሱን ፎቶዎች አንዱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፦

```
INPUT: 100-240V 50/60Hz
OUTPUT: 5V 3.1A
33W FAST CHARGE
CE
```

ላይ ላዩን ሲታይ የተሟላ ይመስላል። ቀስ ብለን እናንብበው። የመጀመሪያው መስመር ከግድግዳ የሚቀበለውን ይናገራል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚል ለኛ 220 ይሆናል። ግን ስንት አምፔር እንደሚስብ አልተጻፈም። በደንብ የተሠራ ቻርጀር ላይ ከቮልቱ ቀጥሎ 0.35 ወይም 0.5 አምፔር የሚመስል ቁጥር ይኖራል። ሁለተኛው መስመር ለስልኩ የሚሰጠውን ይናገራል፤ 5 ቮልት በ3.1 አምፔር። ሁለቱን ስናባዛ 15.5 ዋት ይሆናል። ታዲያ በሦስተኛው መስመር ላይ ያለው 33 ዋት ከየት መጣ? በፍጥነት የሚሞሉ እውነተኛ ቻርጀሮች 33 ዋት ለመድረስ ቮልቱን ወደ 9 ወይም ወደ 11 ከፍ ያደርጋሉ፤ ያንንም በተጨማሪ መስመር ይጽፉታል። እዚህ 5 ቮልት ብቻ ነው ያለው። ጽሑፉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል፤ ይህን ለማወቅ ከአንዲት ማባዛት በቀር ምንም አያስፈልግም።

ከዚያ የሌለውን እንፈልግ። የአምራቹ ስም የለም፤ የሞዴል ቁጥርም የለም። ስለዚህ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ በሌላ ቦታም አመሳክሮ ማየት አይቻልም። ከሁሉም በላይ ያጣነው አንዲት ትንሽ ሥዕል ነው፤ ካሬ በካሬ ውስጥ። ይህች ምልክት ዕቃው ድርብ መከላከያ አለው፣ ስለዚህ የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም ማለት ነው። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የመሬት ሽቦ ስለሌለው ያለው ጥበቃ ይኸው ድርብ መከላከያ ብቻ ነው፤ ምልክቷ ከሌለች አምራቹ ያንን እንኳ ለመናገር አልደፈረም፣ ወይም ምን እንደሆነ አያውቅም።

የመጨረሻው መስመር ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት፣ ሲኢ የምንላቸው፣ ብዙ ሰው የሚያምናቸው ናቸው። በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጥ ዕቃ የሚለጠፍ ምልክት ነው፤ ለቻርጀር ግን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ በራሱ ኃላፊነት ነው እንጂ ሌላ ፈታሽ አይደለም። ስለዚህ መኖሩ ብዙ አይነግረንም። አጻጻፉ ግን ይነግረናል። ትክክለኛው ምልክት በሁለት ክቦች ላይ የተሣለ ነው፤ የመጀመሪያውን ፊደል ግማሽ ክብ በሐሳባችን ብንጨርሰው መስመሩ የሁለተኛው ፊደል ጀርባ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ አለ ማለት ነው። የሁለተኛው ፊደል መካከለኛ ክንድ ደግሞ ከላይኛውና ከታችኛው ያጥራል። በብዙ አስመሳይ ቻርጀሮች ላይ ሁለቱ ፊደላት እንደ ተራ ጽሑፍ ተጣብቀው ይታያሉ። በዚህ ፎቶ ላይም እንደዚያ ነበሩ።

ምልክት ቢኖርም እንደማይበቃ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የራሱን ምልክት አስመስለው የለጠፉ 400 የተመሳሰሉ የአይፎን ቻርጀሮችን መርምሮ ነበር። ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ናቸው። 12ቱ ደግሞ ሰውን በኮረንቲ እስከ መግደል የሚያደርስ አሠራር ነበራቸው። በ400ዎቹ ሁሉ ላይ ምልክቱ ታትሟል።

እግሮቹ

ከጽሑፉ ይልቅ እኛ የምናምነው እግሮቹን ነው፤ ቀለም ርካሽ ነው፣ እግር ግን በልክ መሠራት አለበት። ደግሞም ልኩ በደረጃ የተወሰነ ስለሆነ ያለ ማስመሪያ ከፎቶው ላይ ማመዛዘን ይቻላል።

ለአገራችን ሶኬት የሚስማማው ቀጭን ባለ ሁለት ክብ እግር ነው። በደረጃው የእያንዳንዱ እግር ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በጎን በተነሣ ፎቶ ላይ ርዝመቱ የውፍረቱን አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከቻርጀሩ አካል የሚጀምረው 10 ሚሊ ሜትር፣ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ማለት ነው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ብረቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ጫፉ ድረስ ብቻ ነው። ሁለቱ እግሮች ፍጹም ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ጫፋቸው ሲሄዱ ጥቂት ይቀራረባሉ፣ በእጅ ሲነኩም ትንሽ ይተጣጠፋሉ። ይህ የተደረገው በሶኬቱ ውስጥ እንደ ሞላ ጠበቅ ብለው እንዲይዙ ነው።

በፎቶው ላይ እግሩ ከሥር እስከ ጫፍ ራቁቱን ብረት ሆኖ ከታየ ሌላ መመርመር አያስፈልግም፣ ይቅር። ምክንያቱን ዶርም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ግድግዳ ላይ ያለው ጎድጎድ ያለ ሶኬት እግሩን ይሸሽጋል። አልጋ ሥር የምንዘረጋው ጠፍጣፋ ማከፋፈያ ግን አይሸሽግም። በጨለማ ቻርጀሩን ግማሽ ድረስ ስንነቅለው ጫፉ ገና ኮረንቲ ላይ ነው፣ ጣታችን ደግሞ ሥሩ ላይ። ያ 10 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ የተቀመጠው ለዚያች ቅጽበት ነው።

ከ4 ሚሊ ሜትር የቀጠነ እግር ሌላ ችግር ያመጣል። በሶኬቱ ውስጥ ይላላል፤ ሲላላ ይፈነጥቃል፤ በሚፈነጥቅበት ቦታ ይሞቃል። ያገለገለ ቻርጀር ፎቶ ከሆነ በእግሮቹ ሥር ያለውን ፕላስቲክ አስፍተን እንይ። ቡናማ ቀለም ወይም የቀለጠ ጠርዝ ካለ ይህ ነገር አስቀድሞ ተከስቷል።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ቻርጀር ደግሞ የእንግሊዙ ዓይነት ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች ያሉት። እዚህ ላይ ፊት ለፊት የተነሣው ፎቶ ይጠቅማል። የታችኞቹ ሁለት እግሮች እያንዳንዳቸው ስፋታቸው 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከእግሮቹ ጠርዝ እስከ ቻርጀሩ አካል ዳር ደግሞ ቢያንስ 9.5 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት፤ ስንሰካ ጣታችን ዞሮ እግሩን እንዳይነካ። ሁለቱን ቁጥሮች ስናነጻጽር ርቀቱ የእግሩን ስፋት አንድ ተኩል ያህል ይሆናል። በስልካችን ስክሪን ላይ በወረቀት ጠርዝ የእግሩን ስፋት ምልክት አድርገን ወደ ዳሩ ብንለካ በግማሽ ደቂቃ ይታወቃል። አስመሳዮች አካሉን ለማሳነስ ሲሉ በብዛት የሚስቱት ይህን ነው። ሁለቱ የታችኞቹ እግሮች ሥራቸው ላይ በፕላስቲክ የተሸፈኑ መሆን አለባቸው። ትልቁ፣ የላይኛው እግር ግን ብረት ከሆነ ሽፋን አይኖረውም፤ ብረቱ የመሬት ሽቦ መገናኛ ስለሆነ ሽፋኑ ግንኙነቱን ያበላሻል። ሦስቱንም ሸፍኖ የሠራ ሰው ዓላማውን ሳያውቅ ነው የቀዳው። በስልክ ቻርጀር ላይ ትልቁ እግር ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ቢሆን ግን ስሕተት አይደለም፤ የሶኬቱን መዝጊያ ለመክፈት ብቻ የተቀመጠ ነው። ይህን አይቶ «ፌክ ነው» የሚል ወንድም አጋጥሞናል፤ አይደለም።

ለላፕቶፕ አዳፕተር ነገሩ ይለያል። ብዙዎቹ እውነተኛ የመሬት ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። ባለ ሦስት እግሩን በባለ ሁለት እግር መቀየሪያ ስንሰካው ያ ሽቦ ይቋረጣል፤ የላፕቶፑ ብረት ገላ እጅን ንዝር የሚያደርገን ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በፎቶው ላይ ገመዱን ራሱን እንይ። በደንብ የተሠራ ገመድ ላይ የሽቦዎቹ ብዛትና ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ታትሞ ይታያል፤ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 0.75 የተለመደ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ቀጭን ገመድ ለላፕቶፕ አንወድም።

ክብደቱ

ፎቶ ክብደት አያሳይም፤ ሚዛን ያለበት ፎቶ ግን ያሳያል። በመተማ ገበያ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያለው የወርቅ ወይም የቅመም ነጋዴ አይጠፋም። ዘመዳችን ቻርጀሩን ያለ ኬብሉ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ ያንሣው።

አስመሳዩ ለምን ይቀላል? የሚቀንሱት ነገር ሁሉ ክብደት ስላለው ነው። ትራንስፎርመሩ ያንሳል፣ ሽቦው ላይ ያለው ድርብርብ መከላከያ ይቀራል፣ የኮረንቲውን ጥራት የሚያጣሩት ጥቅልሎችና ካፓሲተሮች ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ፊውዙ እንኳ አይኖርም። ችግሩ «ቻርጀር ስንት ግራም መመዘን አለበት?» የሚል አንድ መልስ አለመኖሩ ነው። አዲሶቹ ጋን የተባሉት ቻርጀሮች ጥሩ ሆነው ሳለ ለኃይላቸው ቀላል ናቸው። ስለዚህ የምናወዳድረው ከራሱ ከሞዴሉ ጋር ብቻ ነው። ዶርም ውስጥ ከስልኩ ጋር በካርቶን የመጣ አንድ ዓይነት ሞዴል ያለው ሰው ካለ የእሱን መዝነን ከመተማው ቁጥር ጋር እናስተያየው። የሁለት ግራም ልዩነት ምንም አይደለም፤ ሚዛኖቹ ራሳቸው ይለያያሉ። አንድ ሦስተኛ ያህል ከቀለለ ግን በእኛ ግምት ውስጡ የጎደለ ነገር አለ።

ሚዛን ከሌለ ሌላ ደካማ ፍንጭ አለ። ኬብሉ ተሰክቶበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ የኬብሉ ግትርነት ብቻ ቻርጀሩን ከጠረጴዛው ብድግ ካደረገው በጣም ቀሊል ነው። በዚህ ብቻ ግን ማንንም አንወቅስም። ከባድ መሆኑም አያስተማምን፤ አሸዋ ተሞልተው የተገኙ ፓወር ባንኮች አሉና ክብደትም ሊጭበረበር ይችላል። ቀላልነት ይጥላል፣ ከባድነት አያድንም።

ወደዚያ ባለ 33 ዋት ቻርጀር እንመለስና ምርመራውን እንጨርስ። ጽሑፉ ራሱን ያፈርስ ነበር፣ ካሬ በካሬ ምልክቷ አልነበረችም፣ አምራቹ አይታወቅም። እግሮቹ በጎን ሲታዩ የፕላስቲክ ሽፋን ነበራቸው፤ ግን የሽፋኑ ርዝመት የእግሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር፣ ከግማሽ በላይ መሆን ሲገባው። ሽፋኑም ከብረቱ ጋር በአንድ መስመር ከመሆን ይልቅ እብጥ ብሎ ይታያል፤ በኋላ የተጠቀለለ ይመስላል። የሞዴል ስም ስለሌለው ክብደቱን የምናመሳክርበት አልነበረም፤ መመዘንም አላስፈለገንም። «ተውት» ብለን መልሰናል። ሻጩን ሌባ ማለታችን ግን አይደለም፤ እሱም በካርቶን ገዝቶ የሚቸረችር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከኛ የተሻለ አያውቅም። ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ዐይቡን ደብቆ ቢሸጥ ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ ስለዚህ ያየነውን ለሱም እንዲነግረው ዘመዳችንን ጠይቀናል።

ምርመራውን አልፎ የተገዛ ቻርጀርም እጃችን ከገባ በኋላ ፎቶ ያልነገረንን ይነግረናል። ሲሰካ የስልኩ ስክሪን ሳይነካ የሚዘል፣ ወይም ጣትን በትክክል የማይከተል ከሆነ የሚሰጠው ኮረንቲ ያልተጣራ ነው። የስልኩ ብረት ጠርዝ ሲነካ ንዝር ካለ፣ ቻርጀሩ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከሞቀ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ወዲያው ይነቀል። ሲነቀል መጀመሪያ የማከፋፈያው ማብሪያ ይጥፋ፤ ማብሪያ ከሌለው ደረቅ እጅ ፕላስቲኩን ብቻ ይዞ ይንቀል። የተጣለ ቻርጀር ዶርም ኮሪደር ላይ ወድቆ ሲገኝ ሌላ ተማሪ አንሥቶ ይሰካዋል፤ ስለዚህ ከመጣላችን በፊት ሁለቱን እግሮች በፒንሳ አጥፈን ወይም ቆርጠን እንጥላለን።